የጥበቃ ሥነ ምኅዳር መመረቂያ ጽሑፍ አብስትራክት፦ ጥያቄን፣ ዘዴን፣ ግኝትንና አንድምታን በአንድ አንቀጽ ስለመጨመቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው ያቀረቡልኝ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማስረከብ ጥቂት ሳምንታት የቀሯቸው ተማሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ የመስክ ሥራቸውን የሚያካሂዱት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በእንጦጦ ተረተር፣ በሱሉልታ በኩል ባለው ቁልቁለት ወይም ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ በመናገሻ ሱባ ደን ስለሆነ፣ መልሶቹን ሁሉ ከዚሁ አካባቢ በተወሰደ አንድ ምሳሌ ላይ አቁሜአቸዋለሁ። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች አጻጻፉን ለማሳየት እኔው ያስቀመጥኋቸው እንጂ ከመስክ የተለቀሙ አይደሉምና ማንም እንደ መረጃ እንዳይጠቅሳቸው አደራ እላለሁ።

ምሳሌ የሆነው ጥናት ምን ዓይነት ነው?

በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ስለሚበቅሉ የሐበሻ ጥድና የወይራ ወፍ ዘራሽ ችግኞች የተደረገ ጥናት ነው እንበል። የሁለቱም ዛፎች ፍሬ ወፎች የሚበሉት በመሆኑ «ወፍ ዘራሽ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። ተማሪዋ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያና በገደላማ ቦታዎች የተረፉ 6 የነባር ደን ቁራጮችን መረጠች፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ተነሥታ ወደ ባሕር ዛፉ ውስጥ አንድ የናሙና መስመር ዘረጋች፤ በመስመሩም ላይ በ25፣ በ50፣ በ100፣ በ200 እና በ400 ሜትር ርቀት አንዳንድ ፕሎት አስቀመጠች። በድምሩ 30 ፕሎት ማለት ነው። በየፕሎቱ ውስጥ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ 5 ንዑስ ፕሎቶች አበጅታ፣ ቁመታቸው ከ1 ሜትር በታች የሆኑትን ችግኞች ቆጠረች፤ የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ውፍረትም በማስመሪያ ለካች። በዚህ ዓይነት 204 ችግኞች ተቆጠሩ። መመረቂያ ጽሑፉ 80 ገጽ ሲሆን አብስትራክቱ ግን ከአንድ አንቀጽ ሊያልፍ አይችልም።

አብስትራክቱን ከየትኛው ዓረፍተ ነገር መጻፍ ልጀምር?

ከዋናው ግኝት ይጀምሩ። በመጨረሻ ሲነበብ ግኝቱ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሲጻፍ ግን መጀመሪያ መቅደም አለበት፤ ምክንያቱም የቀሩት ሦስቱ ክፍሎች ምን ያህል ቦታ እንደሚገባቸው የሚወስነው እሱ ነው። ጥያቄው ይህ ግኝት የሚመልሰው ጥያቄ መሆን አለበት፤ ዘዴው ይህን ግኝት ለማመን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይነገራል፤ አንድምታውም ከዚህ ግኝት የሚፈልቅ ብቻ ይሆናል።

ከመግቢያው የሚጀምሩ ተማሪዎች ሁልጊዜ ሊባል በሚችል ሁኔታ በአንድ ችግር ይወድቃሉ። ምዕራፍ አንድን አምስት መስመር፣ ምዕራፍ ሁለትን አምስት መስመር እያደረጉ ያሳጥሩና ወደ ግኝቱ ሲደርሱ የተፈቀደላቸው የቃላት ብዛት አልቆ «ውጤቶቹ በዝርዝር ተብራርተዋል» ብለው ይዘጋሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የምዕራፎቹ ማውጫ ነው፤ አብስትራክት ግን አይደለም።

ስለ ሀገሪቱ ብዝኃ ሕይወትና ስለ ባሕር ዛፍ ታሪክ ምን ያህል መግቢያ ያስፈልጋል?

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ኢትዮጵያ በብዝኃ ሕይወት ሀብታቸው ከሚታወቁ አገሮች አንዷ ናት» የሚለው መክፈቻ እውነት ቢሆንም፣ ከሐረር ዝሆን እስከ ጣና ፓፒረስ ለሚደረግ ለማንኛውም ጥናት ስለሚሆን ስለዚህኛው ጥናት ምንም አይናገርም። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን መግባቱም በመግቢያው ምዕራፍ ውስጥ ተገቢ ቦታ አለው፤ ከአብስትራክቱ ግን ይውጣ።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ብዙ ረቂቆች መግቢያቸውን «በዚህ ርእስ ላይ እስካሁን ምንም ጥናት አልተደረገም» በማለት ያሳርጋሉ። ይህን ለማለት የሚቻለው ጽሑፎችን በተወሰነ ሥርዓት ፈልጎ ያጣ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ እንጦጦ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ የተቀመጡ ብዙ መመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ስለዚህ «ማንም አላጠናውም» ከማለት ይልቅ «ይህን ባለማወቅ ሊወሰን ያልቻለው ነገር ይህ ነው» ማለት የተሻለ ነው። በምሳሌያችን፣ ባሕር ዛፉን በነባር ዛፍ ለመተካት የሚያስብ ሰው ወፍ ዘራሹ የት እንደሚበዛ ሳያውቅ የት መትከል፣ የት ደግሞ መጠበቅ ብቻ እንደሚበቃው ሊወስን አይችልም። ጥናቱ ለምን እንዳስፈለገ ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም ፈታኝ ሌላ ጥናት አውጥቶ ሊያፈርሰውም አይችልም።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ላስቀምጠው?

የተለካውን ነገር በስሙ ይጥሩት። «የባሕር ዛፍ በሀገር በቀል ዕፅዋት ላይ ያለውን ተጽዕኖ መመርመር» የሚለው ዓላማ በረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ ነገር ግን በምሳሌያችን ተጽዕኖው አልተለካም፤ ባሕር ዛፍ የሌለበት ማነጻጸሪያ ቦታም አልነበረም። የተለካው የችግኝ ብዛት፣ ከነባር ደን ያለው ርቀትና የቅጠል ውፍረት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከነባር ደን ቁራጭ ያለው ርቀት ሲጨምርና የረገፈው ቅጠል ሲወፍር በባሕር ዛፍ ሥር የሚገኘው የጥድና የወይራ ችግኝ ብዛት እንዴት ይለዋወጣል?» የሚል ይሆናል።

በጥያቄው ውስጥ «የችግኝ ብዛት» ካሉ፣ በግኝቱም ሆነ በአንድምታው «የችግኝ ብዛት» ይበሉ። ለቋንቋ ውበት ሲባል አንድ ቦታ «ተተኪ ትውልድ»፣ ሌላ ቦታ «የደን ማገገም»፣ ሌላ ቦታ «ብዝኃ ሕይወት» እየተባለ ሲቀያየር አንባቢው አራት የተለያዩ ነገሮች የተለኩ ይመስለዋል። በድርሰት የሚያስመሰግነው የቃላት ልውውጥ እዚህ ጉዳት ያደርሳል።

ከዘዴው ምዕራፍ ምን ይቀራል፣ ምን ይወጣል?

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ያ ዝርዝር ቢቀየር አንባቢው በግኝቱ ላይ ያለው እምነት የሚቀየር ከሆነ ይቆይ፤ ካልሆነ ይውጣ። የጂፒኤሱ ሞዴል፣ የሶፍትዌሩ ስም፣ የቅጠሉን ውፍረት የለካው ማስመሪያ፣ የወረዳው ወሰን ይወጣሉ። የነጻ ናሙናዎች ብዛት፣ የርቀቶቹ ክልል፣ የቆጠራው ወቅትና የትንተናው ዓይነት ይቆያሉ።

የናሙናው ብዛት ላይ ትንሽ ልቆይ። በምሳሌያችን 30 ፕሎትና 150 ንዑስ ፕሎት አለ። 150 የሚለው ቁጥር ስለሚያምር ተማሪዎች በአብስትራክቱ የሚጽፉት እሱን ነው። ይሁንና በአንድ ፕሎት ውስጥ ያሉት አምስት ንዑስ ፕሎቶች ርቀታቸው አንድ ነው፤ ጥላቸው አንድ ነው፤ ዘር የሚደርሳቸውም ከአንድ ደን ነው። ስለ ርቀት የሚነግሩን ነገር እንደ አምስት ነጻ ምስክሮች ሊቆጠር አይገባም። ሐሳቡን አክርረን ከሄድን ደግሞ 30ዎቹ ፕሎቶችም በ6 ቁራጮች ዙሪያ የተሰባሰቡ ስለሆኑ 6 የሚለው ቁጥር ከአብስትራክቱ ሊቀር አይችልም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ንዑስ ፕሎቶቹን ቆጥሬ ትልቁን ቁጥር ጽፌ ነበር፤ ፈታኙ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ቦታ ሄድሽ?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ በአብስትራክቱ ውስጥ አልነበረም።

የትንተናውን ዓይነት በአንድ ሐረግ ለመግለጽ ሞዴሉን ራሱን አጠገብዎ አድርገው ይጻፉ። የምሳሌው ሞዴል በአር ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል፦

```
glmmTMB(count ~ log2(dist) + litter + (1 | patch),
        family = nbinom2, data = d)
```

ይህ ወደ ቃል ሲመለስ «ቁጥሩ የደን ቁራጩን እንደ ራንደም ኢፌክት በያዘ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ሞዴል ተተነተነ» ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ስለ ትንተናው በአብስትራክት መናገር አያስፈልግም። «መረጃው በገላጭና በድምዳሜያዊ ስታቲስቲክስ ተተነተነ» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ግን ቦታ ይዞ ምንም አይናገርም።

ግኝቱን በቁጥር ልጻፈው ወይስ በቃል?

በሁለቱም፤ ነገር ግን ቁጥሩ የለውጡን አቅጣጫ፣ መጠንና እርግጠኛነት መያዝ አለበት። በረቂቆች ውስጥ በብዛት የማየው እንዲህ ያለውን ነው፦ «ከነባር ደን ያለው ርቀት በችግኝ ብዛት ላይ ጉልህ ተጽዕኖ እንዳለው ተረጋግጧል (p < 0.001)»። ይህን ያነበበ ሰው ችግኙ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን እንኳ አያውቅም። በተጨማሪም «ጉልህ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛ «ትልቅ፣ ጎልቶ የሚታይ» ማለት ስለሆነ፣ በስታቲስቲክስ ትርጉሙ ሲገባ አንባቢን ያሳስታል። በጣም ትንሽ ለውጥም ናሙናው ከበዛ በስታቲስቲክስ «ጉልህ» ሊባል ይችላልና።

የሞዴሉን ውጤት ወደ ሰው ቋንቋ የመመለሱ ሥራ ብዙዎችን የሚያስቸግር ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ላሳይ። በሞዴሉ ውስጥ ርቀቱ በሎጋሪዝም መሠረት 2 ስለገባ፣ የርቀቱ ኮፊሸንት የሚናገረው ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ስለሚሆነው ነው። ኮፊሸንቱ −0.371 ነው እንበል። ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ሞዴል የሚሠራው በሎግ መስፈሪያ ስለሆነ exp(−0.371) = 0.69 እናወጣለን፤ ይህም ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከችግኙ 69 በመቶው ይቀራል፣ 31 በመቶው ይቀንሳል ማለት ነው። የመተማመኛ ወሰኑን ሁለት ጫፎች በዚሁ መንገድ ስንመልስ ከ22 እስከ 39 በመቶ ቅናሽ እናገኛለን።

«በእጥፍ ሲጨምር 31 በመቶ» የሚለው ለተመራማሪ ግልጽ ቢሆንም ደኑን ለሚያስተዳድር ሰው ገና አልተጨበጠም። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ ቁጥር እንጨምር። ከ25 ወደ 400 ሜትር ስንሄድ ርቀቱ አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ 0.69ን በራሱ አራት ጊዜ ስናባዛው 0.23 ገደማ ይሆናል። በ25 ሜትር ላይ በ100 ካሬ ሜትር 62 ችግኝ ከነበረ በ400 ሜትር ላይ 14 ያህል ይቀራል። አንባቢው «62 እና 14» የሚለውን ከአብስትራክቱ ወጥቶም ያስታውሰዋል። ይህን ስሌት በወረቀት መሥራት ሌላም ጥቅም አለው፤ በአብስትራክቱ የጻፏቸው ሁለት ቁጥሮች እርስ በርስ ካልተስማሙ፣ ከሁለቱ አንዱ ከተሳሳተ ሠንጠረዥ የተቀዳ መሆኑን ከፈታኙ በፊት እርስዎ ያውቁታል።

ዝምድና ያልተገኘለትን ነገር ልጥቀሰው ወይስ ልተወው?

በጥያቄው ውስጥ ካነሡት መጥቀስ ግዴታ ነው። ተማሪዋ የቅጠል ውፍረትን በጥያቄዋ ስላካተተች አንባቢው መልሱን ይጠብቃል። «ተጽዕኖ የለውም» ማለት ግን አይቻልም። የምሳሌው ወሰን ቅጠሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር ከ10 በመቶ ቅናሽ እስከ 5 በመቶ ጭማሪ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ይህ ማለት መጠነኛ ቅናሽ ሊኖር ይችላል፣ በ30 ፕሎት ግን መለየት አልተቻለም። «ግልጽ ዝምድና አላሳየም» ብሎ ወሰኑን ማስቀመጥ ሐቁን በትክክል ይገልጻል።

አንድምታው ምን ያህል ርቆ መሄድ ይችላል?

የአብስትራክቱ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው፤ ተማሪና አማካሪ የሚከራከሩትም እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ለሁለት ዓመት የደከመበት ሥራ ለአንድ ነገር እንዲጠቅም መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ «መንግሥት ባሕር ዛፉን አስወግዶ ነባር ደኑን እንዲያስመልስ ይመከራል» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በምሳሌው ጥናት አንድም ባሕር ዛፍ አልተቆረጠም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቁረጣውና እንጨቱን መጎተቱም ሥሩ ያለውን ችግኝ ሊጨፈልቀው ይችላል። ባልተሞከረ ነገር ላይ ምክር መስጠት ጥናቱን ያላየውን እንዲመሰክር ማስገደድ ነው።

ከዚህም የረቀቀ ችግር አለ። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር በእንጦጦ ቁልቁለት ወደ መንደር ቀረብ ካለ ፕሎት አጠገብ ተንበርክኬ መሬቱን አይቼ ነበር። ቅጠል ጠርገው፣ ማገዶ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች በማለዳ አልፈዋል፤ የመጥረጊያው ጭረት በቀይ አፈሩ ላይ በትይዩ መስመር ይታያል፤ በሁለት ጭረቶች መሐል አንድ የወይራ ችግኝ ጫፉ ተቀንጥቦ ሁለት ቅጠል ብቻ ይዞ ቆሟል። ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ስንጠጋ ጠራጊ ስለማይደርስ ቅጠሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ከነባሩ ደን የራቀው ፕሎት ለመንደሩ የቀረበው ፕሎት ነው። ችግኙ ያነሰው ዘር ስላልደረሰው ነው ወይስ ስለተጠረገ? ርቀትን ብቻ የለካ ጥናት ሁለቱን መለየት አይችልም። ስለዚህ «የዘር እጥረት የችግኝን ብዛት ይወስናል» ብሎ ምክንያት መስጠት አይገባም፤ «ርቀቱ ሲጨምር የችግኝ ብዛት አነሰ» ብሎ የታየውን መናገር ይገባል። ልዩነቱ በአንድ ግስ ላይ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ያመነ ሰው ዘር ይበትናል፤ ችግሩ ጥርጊያው ከሆነ ግን የተበተነው ዘርም በቅሎ ይጠረጋል።

ሦስተኛው ገደብ የጊዜ ነው። ቆጠራው በአንድ የክረምት ማብቂያ የተደረገ ነው። በመስከረም የታየ ችግኝ በጋውን ላይዘልቅ ይችላል። በምሳሌው ከ1 ሜትር በላይ ያደጉ ተክሎች 9 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ከነባሩ ደን በ100 ሜትር ውስጥ ነበሩ። ይህ ትንሽ ቁጥር በአብስትራክቱ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም 204 ችግኝ የሚለውን ሰምቶ «ደኑ ራሱን እየመለሰ ነው» ብሎ ለሚቸኩል አንባቢ ሚዛን ይሆናል።

ታዲያ ምን ይባል? ለውሳኔ የሚረዳውን፣ ግን በጥናቱ ወሰን ውስጥ ያለውን። ለነባር ደን ቅርብ በሆነው ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለውን ወፍ ዘራሽ መጠበቅ፣ ራቅ ባለው ደግሞ መትከል በሙከራ ሊነጻጸሩ የሚገባቸው አማራጮች መሆናቸውን ግኝቱ ይደግፋል። ይህ ከ«ባሕር ዛፉ ይወገድ» ያነሰ ቢመስልም፣ የት ምን መሞከር እንዳለበት ስለሚናገር ለሥራ የበለጠ ይጠቅማል።

ተጨምቆ ያለቀውን ሙሉ አብስትራክት ማየት ይቻላል?

ይቻላል። እስካሁን የተባለው ሁሉ ሲሰባሰብ እንዲህ ይሆናል፦

> በእንጦጦ ተረተር በባሕር ዛፍ (ኢውካሊፕተስ ግሎቡለስ) ሥር የሐበሻ ጥድ (ጁኒፐረስ ፕሮሴራ) እና የወይራ (ኦሊያ ዩሮፒያ ንዑስ ዝርያ ከስፒዳታ) ወፍ ዘራሽ ችግኞች ይገኛሉ፤ ባሕር ዛፉን በነባር ዛፍ ለመተካት ችግኞቹ የት እንደሚበዙ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጥናት የችግኝ ብዛት ከነባር ደን ካለው ርቀትና ከረገፈ ቅጠል ውፍረት ጋር ያለውን ዝምድና መረመረ። ከ6 የነባር ደን ቁራጮች ጠርዝ ከ25 እስከ 400 ሜትር ርቀት በተቀመጡ 30 ፕሎቶች ቁመታቸው ከ1 ሜትር በታች የሆኑ ችግኞች በአንድ የክረምት ማብቂያ ተቆጠሩ፤ ቁጥሩም የደን ቁራጩን እንደ ራንደም ኢፌክት በያዘ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ሞዴል ተተነተነ። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የችግኝ ብዛት በ31 በመቶ (የ95 በመቶ መተማመኛ ወሰን፦ ከ22 እስከ 39) ያነሰ ሲሆን፣ ይህም በ100 ካሬ ሜትር በ25 ሜትር ላይ 62፣ በ400 ሜትር ላይ 14 ችግኝ ነው። የቅጠል ውፍረት ግልጽ ዝምድና አላሳየም (በ1 ሴንቲ ሜትር ከ10 በመቶ ቅናሽ እስከ 5 በመቶ ጭማሪ)። ከ1 ሜትር በላይ ያደጉት 9 ተክሎች ሁሉም ከነባር ደን በ100 ሜትር ውስጥ ተገኙ። ግኝቱ ለነባር ደን ቅርብ በሆነ ባሕር ዛፍ ውስጥ ወፍ ዘራሹን መጠበቅ፣ ራቅ ባለው ደግሞ መትከል በሙከራ እንዲነጻጸሩ ይደግፋል፤ ሆኖም ርቀትን ከቅጠል ጥርጊያ ጫና አልለየም፤ ችግኞቹ ጸንተው ዛፍ መሆናቸውንም አያሳይም።

ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ለመነሻ፣ አንድ ለጥያቄ፣ አንድ ለዘዴ፣ ሦስት ለግኝት፣ አንድ ለአንድምታ። ክፍፍሉ እኩል አለመሆኑ ታስቦበት ነው። ቦታ ከጠበበብዎ መጀመሪያ የሚቆረጠው መነሻው፣ ቀጥሎ የሞዴሉ ሐረግ ነው፤ የመጨረሻው ገደብ ግን ምንም ቢጠብ አይነካም።

ሳይንሳዊ ስም ማስገባት ቦታ አያባክንም?

ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ጊዜ ብቻ ይግባ። በአዲስ አበባ ዙሪያ «ጥድ» ሲባል ነባሩን የሐበሻ ጥድ የሚያስብ አለ፤ ከውጭ የመጣውን የፈረንጅ ጥድ፣ ማለትም ኩፕረሰስ ሉሲታኒካን፣ የሚያስብም አለ። ስለ ነባር ዛፍ መመለስ በሚናገር ጥናት ይህ መምታታት ትርጉሙን ይገለብጣል።

አብስትራክቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢጠየቅ የቃላት ወሰኑን እንዴት ልጠብቅ?

ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ወሰን በእንግሊዝኛ ቃላት የታሰበ ነው። አማርኛ አንድ ሐሳብ በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚጠቀልል ያው ይዘት በአማርኛ ባነሰ የቃላት ቁጥር ያልቃል። የተረፈውን ቦታ ለመሙላት አዲስ ሐሳብ አይጨምሩ፤ ሁለቱ ቅጂዎች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የሚመሳከሩ ይሁኑ። አንዱን ከሌላው ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ ሁለቱንም ከውጤት ሠንጠረዡ ተነሥተው ቢጽፉ ይሻላል። በሁለቱ መካከል የቁጥር ልዩነት መገኘቱ በመከላከያው ዕለት ከሚያሳፍሩ ስሕተቶች አንዱ ነው።

መጨመቁ የተሳካ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጽሑፉን ያላነበበ፣ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ፤ በሌላ ደን ላይ የሚሠራ የክፍል ጓደኛ ጥሩ ነው። አብስትራክቱን አንድ ጊዜ ያንብብና ወረቀቱን ይውሰዱበት። ከዚያ አራት ነገር ይጠይቁት፦ ምን ተለካ? በስንት ነጻ ቦታ? ምን ያህል ተለወጠ? ምን ማለት አይቻልም? በሦስተኛው ላይ «ቀነሰ» ብቻ ብሎ መጠኑን ካላስታወሰ የግኝቱ ዓረፍተ ነገር በሌሎች ቁጥሮች ተውጧል፤ አንዳንዶቹን ያውጡ። በአራተኛው ላይ ዝም ካለ ገደቡ ወይ አልተጻፈም፣ ወይ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» በሚል የተለመደ ሐረግ ተሸፍኗል። በምሳሌያችን የተሳካ መልስ «ችግኙ ዛፍ ይሁን አይሁን አያውቁም፤ የሚጠርጉት እናቶች ጉዳይም አልተለየም» የሚል ነው፤ ይህን የመለሰ አንባቢ ከተገኘ አብስትራክቱን ለአማካሪዎ መላክ ይችላሉ።